103 ከ150

ፒያኖ መማር የጀመርኩት የተከፈለ ገንዘብ ስለማይመለስ ነው። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት «ፒያኖ በቃኝ» አለች፤ እናቷ ደግሞ የሙሉውን ተርም ክፍያ ከሳምንት በፊት ከፍላ ጨርሳለች። መምህሯን ብንጠይቃቸው ትሕትና ባልጎደለው እንግሊዝኛ የተከፈለው እንደማይመለስ ነገሩን። ለንደን ውስጥ የከፈለበት ነገር ሲባክን እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሐበሻ አላውቅም። ባለቤቴ ካፖርቴን አቀበለችኝና «እንግዲያው አንተ ሂድ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። ሐሙስ ማታ ግን የሃምሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሆኜ፣ የድመት ምስል ያለበትን የልጄን መጽሐፍ ይዤ የመምህሯን በር አንኳኳሁ።

ተርሙ ሌላ ተርም ወለደ። ልጅቱ አልተመለሰችም፤ እኔ ቀረሁበት። አንድ ቀን መምህሬ ሻያቸውን እያማሰሉ «ለሦስተኛ ደረጃ ላስመዝግብህ ነው» አሉኝ። አንደኛውና ሁለተኛውስ ብዬ ጠየቅሁ። አያስፈልጉም አሉኝ። ለካ ደረጃዎቹ እንደኛ አገር ክፍል በተራ የሚታለፉ አይደሉም፤ ሰው አቅሙ በፈቀደው መግባት ይችላል። ስድስተኛ ላይ ሲደረስ ብቻ የአምስተኛ ደረጃ የንድፈ ሐሳብ ፈተና ወይም አቻውን ማለፍ ግድ ይሆናል።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው እዚህ አገር ሰው ሁሉ በአጭሩ ኤቢአርኤስኤም የሚለው ድርጅት ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ለንደን ያሉት ሁለቱ የንጉሣዊ ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ተባብረው ያቋቋሙት ነው። እኔ የተፈተንኩት ከኮሮና በፊት ስለነበር የምናገረው በዚያን ጊዜ ስለነበረው አሠራር ነው። ጠቅላላው ከ150 ነው። ሦስት የተጠኑ ቁርጥራጭ ሙዚቃዎች ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ ከ30 ይታረማል። ስኬል ከ21፣ አይተው የማያውቁትን ኖታ እያነበቡ መጫወት ከ21፣ የጆሮ ፈተና ደግሞ ከ18። ማለፊያው 100 ነው፤ 120 ያመጣ ሜሪት፣ 130 ያመጣ ዲስቲንክሽን ያገኛል።

መምህሬ አስምረው የነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ፈታኙ ከሙሉው ነጥብ ተነሥቶ ስሕተት እየቆጠረ የሚቀንስ አይደለም። ለአንድ ቁርጥራጭ የማለፊያው ነጥብ 20 ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ የሰማው ደስ ካሰኘው ወደ ላይ ይወጣል፣ ካልሆነለት ወደ ታች ይወርዳል። ደግሞም አንዱ ክፍል ቢወድቅ ፈተናው አይወድቅም፤ የሚታየው ድምሩ ነው። ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን ከስኬል ጎድሎ ከጆሮ የሚሞላበት መንገድ አለ ማለት ነው ብዬ፣ እንደ እቁብ ጸሐፊ ማስላት ጀመርኩ።

ስኬል ማለት በአንድ ቅኝት ያሉትን ድምፆች በተራ ወጥቶ መውረድ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዝርዝሩ በቃል ይያዛል፤ ፈታኙ ከዝርዝሩ የፈለገውን ይጠራል። የእኔ ጠላት ጂ ማይነር ነበር፤ በሁለት እጅ፣ ሁለት ኦክታቭ። ቀኝ እጅ አራተኛው ድምፅ ላይ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ስር ያሾልካል። ግራ እጅ ደግሞ አምስተኛው ላይ በአውራ ጣቱ ካረፈ በኋላ መሀል ጣቱን በላይ አሻግሮ ስድስተኛውን ይይዛል። ሁለቱ እጆች የሚሻገሩበት ቦታ ስለማይገጥም አንጎል አንዱን ሲጠብቅ ሌላው ያመልጠዋል። በዚያ ላይ አውራ ጣት ከባድ ነው፤ ባረፈ ቁጥር ድምፁን ጎላ ያደርገዋል። ፈታኝ የሚሰማው ይህንን ነው። የተሳሳተ ቁልፍ መንካት አንድ ነገር ነው፤ ኖታው ሁሉ ትክክል ሆኖ መንገዱ ጎርበጥባጣ ሲሆንም ነጥብ ይሄዳል። የትኛውን ጣት ተጠቀምክ ብሎ ግን አይከራከርም፤ እስከተመቸና ድምፁ እስከተያያዘ ድረስ የጣቱ ምርጫ የተጫዋቹ ነው።

ጉብታውን ራስህ አትሰማውም፤ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቴ ስለ ጂ ማይነር የምታውቀው ነገር የለም፤ ማእድ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች። ሲጎረብጥ በማንኪያ ድስቱን ትመታለች። ድስቱ የሚጮኸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መሆኑን ሳስተውል፣ ከላይ እስከ ታች መሮጡን ትቼ ያችን መሻገሪያ ብቻ፣ ከፊቷ ሁለት ከኋላዋ ሁለት ድምፅ ጨምሬ፣ በዝግታ መመላለስ ያዝኩ። ድስቱ ዝም ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው፤ የጣት ሳይሆን የምላሽ ፍጥነት። ፈታኙ ስሙን ጠርቶ እጅህ ቁልፉ ላይ እስኪያርፍ ያለውም ዝምታ ይቆጠራል። ስኬሎቹን ሁልጊዜ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል የሚያጠና ሰው፣ ከመሀል ሲጠራበት ከመጀመሪያው ቆጥሮ ሊደርስበት ይሞክራል። መምህሬ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ኮፍያ ውስጥ ጨመሩና ዕጣ አወጡብኝ። ቤት ስመጣ ዕጣ አውጪዋ ፒያኖ በቃኝ ያለችው ልጄ ሆነች። እኔ ስርበተበት ማየት ለእሷ ከፊልም ይበልጥባት ነበር።

ስለ ሦስቱ ቁርጥራጮች ብዙ አልልም። ፈታኙ በእያንዳንዳቸው አምስት ነገር ያዳምጣል፦ ድምፆቹ ትክክል ናቸው ወይ፣ ምቱ ይዞ ይሄዳል ወይ፣ የድምፁ ጥራት እንዴት ነው፣ ሐረጎቹ ቅርፅ አላቸው ወይ፣ በጠቅላላውስ ሙዚቃ ሆኖ ይሰማል ወይ። ከዚህ የሚከተለውን አስቡት። የተሳሳተ ኖታ ነክቶ ዝም ብሎ የቀጠለ ሰው የተጎዳው በአንደኛው ብቻ ነው። ሊያርም ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ግን የመጀመሪያው ስሕተት አልተሰረዘለትም፤ ምቱን ሰብሯል፣ ሐረጉን ቆርጧል፣ አድማጩንም አስደንግጧል። ይቅርታ መጠየቅ ባህላችን ነው፤ እዚህ ቦታ ግን ያስከፍላል።

እኔን ያስቸገረኝ ከሦስቱ ዝግተኛው ነው። ቤታችን ውስጥ ፒያኖ ማለት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። የእሳቸውን ቅጂ እየሰማ ለኖረ ጆሮ ዝግተኛ ሙዚቃ እንደ ልብ የሚሳብ፣ የሚቆምና የሚመለስ ነገር ነው። እኔም ባለሦስት ምቱን ሙዚቃ እንደዚያው ሳብኩት። መምህሬ በእጃቸው እያጨበጨቡ ሊከተሉኝ ሞከሩ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ እጃቸውን አወረዱ። ፈታኙም እንደሳቸው በውስጡ ያጨበጭባል፤ መከተል ሲያቅተው ምት የለውም ብሎ ይጽፋል። እማሆይ ያደርጉ የነበረው ምቱን ከያዙት በኋላ መልቀቅ ነው፤ እኔ የለቀቅሁት ገና ሳልይዘው ነበር።

የዚህ ወግ ዋና ጉዳይ የጆሮ ፈተናው ነው። ያሬድ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች ሶልፌጅ ሲሉ የሚንገሸግሻቸው ዓይነት ነገር ነው። ፈታኙ ራሱ ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፤ ተፈታኙ ቁልፎቹን ማየት የማይችልበት ቦታ ይቆማል። በሦስተኛ ደረጃ አራት ነገር ይጠየቃል። መጀመሪያ ሙዚቃ ሲጫወት ምቱን አብሮ ማጨብጨብ፣ ጠንካራውን ምት ጎላ ማድረግ፣ ከዚያ ባለሁለት፣ ባለሦስት ወይስ ባለአራት ምት ነው የሚለውን መናገር። ሁለተኛው ማስተጋባት ነው፤ ሦስት አጫጭር ሐረጎች ይጫወታል፣ እያንዳንዱን ምቱ ሳይቋረጥ ወዲያው በድምፅ መመለስ ነው። ሦስተኛው አንድ ሐረግ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ሲደገም የተለወጠው የድምፁ ከፍታ ነው ወይስ ሪትሙ ማለት። መጨረሻ ላይ ስለ አንድ ሙዚቃ ሁለት ጥያቄ፤ አንዱ ለምሳሌ ስለ ድምፅ መጉላትና መቀነስ፣ ሌላው ሜጀር ነው ማይነር የሚል።

ማስተጋባቱ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ጥሩ ድምፅ አይጠየቅም። «ላ» ማለት፣ ማንጎራጎር፣ ማፏጨትም ይቻላል፤ የሚታየው ከፍታው መግጠሙ ነው። ይህን ስሰማ ይህስ ቀላል ነው አልኩ። ልምምዱን የሚያግዘኝ ሰው ደግሞ አላጣሁም። ሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ክራር የሚጫወት የሰፈራችን ልጅ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እያጠጣነው፣ እሱ ይመታል እኔ አስተጋባለሁ። አንድም አልሳትኩም። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ዘፋኝ መሆን ነበረብዎ» ብሎ ልቤን ነፋው።

ሐሙስ መምህሬ ፊት ቆምኩ። የመጀመሪያው ሐረግ ላይ ድምፄ ሄዶ ከጎረቤቱ ኖታ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሁልጊዜ የምስተው አንድ ቦታ ነው፤ ፋ ላይ። ፋን ሲጫወቱ እኔ ሶል እላለሁ። ምክንያቱ ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ላይ ገባኝ። የክራሩ ልጅ ሲያስጠናኝ የነበረው በትዝታ ሜጀር ነው፤ ትዝታ ሜጀር ውስጥ ያሉት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋ የለም፤ ቲም የለም። ክራሩ ላይም እነሱን የሚሰጥ ክር የለም፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ የአንዱ ኦክታቭ ነው። አምስት ድምፅ ለምዶ ያደገ ጆሮ ስድስተኛ ሲመጣበት በአቅራቢያው ካለው ዘመዱ ጋር ያስጠጋዋል። ጆሮዬ አልደነቆረም፤ የሌላ አገር ዜጋ ነው።

ፋን ለመያዝ ያገኘሁት መድኃኒት ጠባቧን እርምጃ ማወቅ ነው። ከሚ እስከ ፋ ግማሽ እርምጃ ናት፤ ከቲ እስከ ዶም እንዲሁ። ትዝታ ሜጀር ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባብ እርምጃ የለም። ስለዚህ ሚ-ፋ-ሚ፣ ዶ-ቲ-ዶ እያልኩ መንጎራጎር ያዝኩ፤ ሥራ ስሄድ፣ ሳህን ሳጥብ፣ አውቶቡስ ላይ። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ተነሥተው ሌላ ወንበር ፈለጉ። ባለቤቴ ለእናቷ በስልክ «ደህና ነው፣ ትንሽ ያዜማል» ስትል ሰማኋት።

የክራሩ ልጅ ጉዳዩን ስነግረው ተቆጨ። «እንግዲያው አንዱን ክር ፋ ላይ ልቃኝልዎ» አለና አጠበቀው። ቅዳሜው በጣም ጥሩ አለፈ። ማታ ግን ክሩን ሳይመልሰው ሥራ ገብቷል። ዘፋኟ ትዝታ ስትጀምር እሱም በልበ ሙሉነት ክሯን መታት። ከደንበኞች አንዱ ሹካውን አስቀምጦ እንደነበር ነግሮኛል። ዘፋኟ ለሁለት ሳምንት አላናገረችውም፤ እሱም ከዚያ በኋላ ቤታችን ቡና ሲጠራ ክራሩን ሳይዝ ነው የሚመጣው።

ሜጀርና ማይነሩም የራሱ ጣጣ ነበረው። የልጄ መጽሐፍ ሜጀርን ከሚስቅ ፊት፣ ማይነርን ከሚያለቅስ ፊት ጋር ሥሎታል። ለእንግሊዝ ልጅ ይሠራ ይሆናል። ለእኛ ግን ትዝታ ሜጀር ሦስተኛው ድምፁ የሜጀር ሆኖ እያለ አንጀት ይበላል። በስሜት ከለየሁማ በርግጠኝነት የሚያስተክዘኝን ሁሉ ማይነር እላለሁ። መምህሬ ስሜቱን ተወውና ሦስተኛዋን ድምፅ ፈልግ አሉኝ። ሙዚቃው ሲያልቅ የመጨረሻዋን ዶ በልቤ ይዤ፣ ሬን አልፌ ሚ ላይ ስወጣ ከሰማሁት ጋር ከገጠመ ሜጀር ነው፤ ሚዋ ዝቅ ማለት ካማራት ማይነር ነው። ማጨብጨቡም ቢሆን ሠርግ ላይ የለመድኩት እጅ አስቸግሮኛል። ጭክጭካ ሦስትም ሁለትም ሆኖ ሊቆጠር የሚችል ምት ነው፤ እጃችን ሁለቱንም እያፈራረቀ ይመታል። ፈታኝ የሚፈልገው ግን አንዱን ይዞ አንደኛውን ምት ጎላ አድርጎ መመለስ ነው። መፍትሔው እጅን ትቶ በእግር መጀመር ሆነ፤ እግሬ የት እንደሚረግጥ ካወቅሁ በኋላ ብቻ ማጨብጨብ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ቦታው የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ስም የምትጠራዋ ሴት ወደ እኔ መጥታ «ልጅዎ የትኛው ነው?» አለችኝ። ልጄ እኔ ነኝ ለማለት እንግሊዝኛ አጠረኝ። አጠገቤ እግሩ ወለል የማይነካ ሕፃን ተቀምጧል፤ ከእኔ በፊት ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ብስኩት በልቶ ሄደ። ለእሱ ከፍ ተደርጎ የነበረውን ወንበር ስገባ ፈታኙ ራሳቸው አወረዱልኝ። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ ግን በጎም ክፉም አይሉም። ስትጫወት ይጽፋሉ። መጀመሪያ ብዕሩ ሲንቀሳቀስ በሳትኩት ቁጥር የሚመዘግቡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሰሙትን ሁሉ፣ ጥሩውንም ጭምር፣ እየሰሙ ነው የሚጽፉት። ሌላ ጊዜ የላቸውም፤ ሦስተኛ ደረጃ ያለው በሙሉ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው።

ስኬሉ ደህና ሄደ። ጂ ማይነር ተጠራ፤ ድስቱ በጆሮዬ ጮኸ፣ እጄ ግን አለፈ። ሁለቱ ቁርጥራጮችም አለፉ። ሦስተኛው መሀል ላይ ወንበሩ መውረድ ጀመረ። አንዴ አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ እንደ ሰነፍ ሊፍት። ቁልፎቹ ወደ አገጬ ሲጠጉ ክርኔ ከቁልፉ በታች ሆነና ጎላ ማለት የነበረበት መጨረሻ እንደ ሹክሹክታ ወጣ። አልቆምኩም፤ ቢያንስ ምቱን ይዣለሁ። ቀጥሎ ያልታየው ኖታ መጣ። ግማሽ ደቂቃ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ድምፅ አውጥተው መሞከር ይፈቀዳል። ብልኅ ተፈታኝ ቅኝቱንና ምቱን ያይና ከባዱን ቦታ ይሞክራል። የእኔ ግማሽ ደቂቃ ያለቀው ከፈታኙ ጋር ሆነን ወንበሩን ስናጠብቅ ነው።

ከዚያ ቆምኩ፤ እሳቸው ተቀመጡ። ወንበሩ ለሳቸው አልወረደም። የቅኝቱን ኮርድ መቱ፣ መነሻውን ድምፅ ሰጡ፣ ቆጠሩ፣ የመጀመሪያውን ሐረግ ተጫወቱ። ሚ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ። ፋዋ ስትመጣ አውቶቡሱና የተነሡት ሴትዮ ትዝ አሉኝ፤ ልስቅ ነበር። ሳልዘገይ መለስኩ፤ መዘግየቱ ራሱ እንደሚታይ ተነግሮኛል። አራቱ ጥያቄዎች ለየብቻ ነጥብ አይሰጣቸውም፤ ጠቅላላው ምላሽ ነው ከ18 የሚታረመው፤ በሚገባ ያስተጋባ ግን የሚንተባተብ ሰው በልበ ሙሉነት ከመለሰ ሰው ያንሳል። ሜጀር ነው ወይስ ማይነር ሲሉኝ ለማልቀስ የቀረበ ሙዚቃ ነበር። ሚዋን ፈለግሁ፤ ገጠመች። «ሜጀር» አልኩ።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ሦስቱ ቁርጥራጮች 22፣ 21 እና ወንበር የወሰደው 18። ስኬል 15። ያልታየው ኖታ 11፤ ማለፊያው 14 ነበር። ደመርኩት፤ 87። የጆሮ ፈተናው 16። 103። ጆሮዬ ማለፊያዋን 12 ብቻ አምጥቶ ቢሆን ድምሩ 99 ነበር፤ በ99 የሚያልፍ የለም። ባለቤቴ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው፤ የክራሩ ልጅም ታርቆኛል።

እዚህ አገር ልጆቻችሁን ፒያኖም ሆነ ቫዮሊን የምታስተምሩ ወላጆች፣ አብዛኛው መምህር የጆሮውን ነገር የሚያነሣው ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀኑ ሲቆረጥ «ማስተጋባቱን መቼ ትጀምራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ትዝታ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ሚ-ፋ-ሚን ከዛሬ ጀምሩላቸው።